ሊንኩ ደረሰ፣ ሰነዱ አልደረሰም

የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ከግቢ በር ወደ ቴሌግራም ከተዛወረ ቆየ። የተመረጡ አመልካቾች ዝርዝር፣ የሥልጠና መርሐ ግብር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም ነገር በዚያው ይለቀቃል። ከጽሑፉ ሥር «ዝርዝሩን ከታች ባለው ሊንክ ይመልከቱ» የሚል ይከተላል። ሊንኩን ሲነኩት ግን ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ አይመጣም። ወይ ኢሜይልና ፓስዎርድ የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል፣ ወይ ደግሞ `You need access` የሚል ጽሑፍና `Request access` የሚል ሰማያዊ ቁልፍ። የሰነዱ አንድ ፊደል እንኳ አይታይም። ርዕሱም አይታይም።

ሰው ይህን ሲያይ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ኔትወርኩ ነው» ይላል፣ ሌላው «ስልኬ ነው» ይላል። ሁለቱም አይደሉም። ኔትወርኩ ባይሠራ ኖሮ ያ ገጽ ራሱ አይመጣም ነበር። የተዘጋው ላኪው ጋ ነው፤ ላኪው ደግሞ መዝጋቱን አያውቅም። ለምን እንደማያውቅ ነው ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት።

መጀመሪያ ሊንክ ምን እንደሆነ እንግባባ። ፎቶ ሲላክልዎ ፎቶው ራሱ ስልክዎ ላይ ይገባል። የጎግል ሰነድ ሊንክ ሲላክልዎ ግን የሚደርስዎ አድራሻ ብቻ ነው። ሰነዱ ከባለቤቱ አካውንት ንቅንቅ አላለም። እንደዚህ ያለውን ረጅም አድራሻ ሳያዩ አይቀሩም፦

```
https://docs.google.com/spreadsheets/d/.../edit?usp=sharing
```

ነጥብ ባደረግሁበት ቦታ የሚገባው የተዘበራረቀ የፊደልና የቁጥር ድርድር የሰነዱ መለያ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው `sharing` የምትል ቃል ግን ብዙ ሰው ታሳስታለች። «ሼሪንግ» ስለሚል የተጋራ ይመስላል። ቃሏ የምትናገረው ሊንኩ ሼር ከሚለው ቁልፍ መቀዳቱን ብቻ ነው። በሩ ተከፈተ ወይም ተዘጋ ማለት አይደለም። ሙሉ በሙሉ የተቆለፈ ሰነድም ሊንኩ ሲቀዳ ይችኑ ቃል ይዞ ይወጣል።

አዲስ ሰነድ ሲፈጠር በራሱ የተዘጋ ነው። በግል ጂሜይል የከፈቱት ከሆነ `Restricted` የሚባለው ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ በስም ከጠራቸው ኢሜይሎች በስተቀር ማንም አይገባም። ባለቤቱ ሌላ ካላዘዘ እንደተዘጋ ይኖራል።

አሁን ጉዳዩን በአንድ በማውቀው ታሪክ ላሳያችሁ። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር ነው። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ ዓለም ከተማ ነበረች። መርሐቤቴን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ የሚደረስባት። ኪሎ ሜትሩ ብዙ ባይመስልም ያ ገደል ቀኑን ይበላዋል። መኪናው የሚነሣው ንጋት ላይ ነው፤ እሱ ካመለጠ የዚያ ቀን ጉዞ አበቃለት ማለት ይቻላል።

ልጅቱ አዲስ አበባ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት አመልክታ ነበር። ረቡዕ ማታ በቴሌግራም ቻናላቸው ማስታወቂያ ወጣ። የጽሑፍ ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ይሰጣል፣ ለፈተና የተመረጡት ስም በሊንኩ ይገኛል ይላል። ፈተናው ላይ ለመገኘት ዓርብ ንጋት መነሣት አለባት። የመኪና፣ የአልጋ፣ የምግብ ወጪ አለ። ስሟ ከሌለ ያ ሁሉ ገንዘብ ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ ከሐሙስ ማታ በፊት ያንን ዝርዝር ማየት ነበረባት።

ሐሙስ ጠዋት በስልኳ ነካችው። ኢሜይልና ፓስዎርድ ጠየቃት። ስልኩን ስትገዛ የጎግሉን አካውንት የከፈተላት የስልክ ቤቱ ልጅ ነው፤ ፓስዎርዱን ማንም አያስታውሰውም። (ይህ የእሷ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። አገራችን ውስጥ ስንት ሰው የራሱን ስልክ ኢሜይል የማያውቅ እንዳለ በየስልክ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ነው።) ስለዚህ ወደ ኮምፒውተር ቤት ሄደች። እዚያ ሊንኩ ሲከፈት ፓስዎርድ አልጠየቀም፤ ቀጥታ `You need access` አለ። ሰማያዊውን ቁልፍ ተጫነች። ጥያቄው ተልኳል የሚል መልስ መጣ። ተቀምጣ ጠበቀች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን አልፈቀዱልኝም» አለችኝ።

«ከጽሑፉ አጠገብ የማን ኢሜይል ነው የተጻፈው? አንብቢልኝ» አልኳት።

አነበበችልኝ። የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ኢሜይል ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አካውንት ከፍቶ መግባትና ፈቃድ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ግቢ በር ላይ ዘበኛ መታወቂያ ሲጠይቅዎ ማን እንደሆኑ ማወቅ ነው የሚፈልገው። መታወቂያ ስላለዎት ብቻ አያስገባዎትም፤ ቀጥሎ ከእጁ ያለውን የእንግዶች ዝርዝር ያያል። ጎግልም እንደዚሁ ነው። ፓስዎርድ የሚጠይቀው ገጽ መታወቂያ መጠየቂያው ነው። `You need access` የሚለው ደግሞ «አውቄሃለሁ፣ ግን ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» ማለቱ ነው። ስለዚህ ፓስዎርድ የጠየቀው ሰው ሁሉ ሮጦ አዲስ ኢሜይል ቢያወጣ አንዱን በር አልፎ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። የልጅቱም ነገር ይኸው ሆነ፤ እንዲያውም የቆመችው በሌላ ሰው መታወቂያ ነው። ፈቃዱ ቢመጣ የሚመጣው ለኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ነው። የፈቃድ ማሳወቂያውም የሚገባው እሱ ኢሜይል ውስጥ ነው።

ሦስተኛም መልክ አለ፣ እግረ መንገዴን ልናገረው። `Sorry, the file you have requested does not exist.` ካለ ጉዳዩ የፈቃድ አይደለም። ወይ ሰነዱ ጠፍቷል፣ ወይ ሊንኩ ሲቀዳ ተቆርጧል። ያኔ ሊንኩን እንደገና ማስላክ እንጂ ፈቃድ መጠየቅ የሚባል ነገር የለም።

ሊንኩን እኔም ከአዲስ አበባ ሞከርኩት፤ ለእኔም ተዘጋ። ስለዚህ ችግሩ ከዓለም ከተማም ከኮምፒውተር ቤቱም አይደለም ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ብዙ ጊዜ ተያዘ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም አንዲት ሠራተኛ አነሡ። ነገሩን ነገርኳቸው።

«እኛ ጋ ይከፈታል እኮ!» አሉኝ።

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሰውየዋ አልዋሹም። እሳቸው ጋ ይከፈታል። ኮምፒውተራቸው ፈቃድ ባለው አካውንት እንደተከፈተ ስለሚውል ሊንኩን ሲነኩት ሁልጊዜ ይገባሉ። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚሄድ ሰው በሩ መቆለፉን በምን ያውቃል? ላኪው አለማወቁ ከዚህ ይመጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። ይኸው ሊንክ በጂሜይል ተልኮ ቢሆን ኖሮ ጂሜይል ራሱ ላኪውን ያስቆመው ነበር፤ «እነዚህ ተቀባዮች ይህን ሰነድ ለማየት ፈቃድ የላቸውም፣ ልክፈትላቸው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጂሜይልም ሰነዱም የአንድ ኩባንያ ስለሆኑ ይነጋገራሉ። ቴሌግራም ግን የሌላ ኩባንያ ነው። ለቴሌግራም ያ ሊንክ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ነው፤ ያስተላልፈዋል፣ አይጠይቅም። እኛ ደግሞ ኢሜይል ለኢሜይል የምንጻጻፍ ሕዝብ አይደለንም፤ ሥራችን ሁሉ በቴሌግራም ሆኗል። ያቺን አንዲት ማስጠንቀቂያ ያጣነው እንዲህ ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። «እባክዎ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ» አልኳቸው። «ክሮም ላይ ሆነው `Ctrl`፣ `Shift` እና `N` አንድ ላይ ይጫኑ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ሊንኩን እዚያ ውስጥ ይለጥፉት።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ኧረ! ፓስዎርድ ይጠይቃል!» አሉ።

ያ ጥቁር መስኮት ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን አካውንት አይጠቀምም። ማንነትዎን ሳይናገር ነው የሚገባው። ስለዚህ ሠራተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ከተማ ያለችው ልጅ የምታየውን አዩ። በፋየርፎክስ ከሆነ `N` በ `P` ይተካል። ይህን መሞከር ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ማስታወቂያ ከመለቀቁ በፊት ቢደረግ የዚያን ቀን ጣጣ ሁሉ ያስቀር ነበር።

ቀጥሎ ያለው ነገር ግን ቀላል አልሆነም። ሠራተኛዋ ሰነዱን መክፈት ፈለጉ፣ አልቻሉም። ሰነዱ የእሳቸው አይደለም። ያዘጋጀው ባልደረባቸው ነው፣ ያውም በግል ጂሜይሉ። እሱ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ፈቃድ ወጥቷል። ለእሳቸው የሰጣቸው `Viewer` የሚባለውን የማየት ፈቃድ ብቻ ነው። `Editor` ቢሆኑ ኖሮ፣ ባለቤቱ ካልከለከለ በስተቀር፣ ለሌላ ሰውም መክፈት ይችሉ ነበር። አመልካቾች የላኩት የፈቃድ ጥያቄ ሁሉም አንድ በአንድ የሚሄደው ለዚያ ሰው የግል ኢሜይል ነው። መሥሪያ ቤቱ ስንት ሰው በር ላይ እንደቆመ የሚያውቅበት መንገድ የለም። `Request access` የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሚደርስ ይመስለዋል፤ የሚደርሰው ግን ለአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ለቅሶ ላይ ሊሆን ይችላል፣ መስክ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ሥራ ለቅቆም ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሌላ ሆነ። የማየት ፈቃድ ያለው ሰው፣ ባለቤቱ ካልከለከለ፣ ሰነዱን ማውረድ ይችላል። «`File` የሚለውን፣ ከዚያ `Download`፣ ከዚያ `PDF` የሚለውን ይጫኑ» አልኳቸው። ወረደ። ቻናላቸው ላይ ለቀቁት። ስድስት ገጽ፣ 247 ስም። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ዓለም ከተማ ደረሰ። የእህቴ ልጅ 138ኛ ላይ ነበረች። ዓርብ ንጋት ተሳፈረች፣ ቅዳሜ ተፈተነች። አላለፈችም፤ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ቢያንስ ወድቃ ያወቀችው ተፈትና ነው።

በዚያ ኮምፒውተር ቤት አብሯት የነበረ አንድ ሌላ አመልካች ነበር። እሱ የራሱ ኢሜይል ነበረው፣ በራሱ ስም ጠየቀ፤ በዚህ ከእሷ ይሻላል። ከዚያ «ሲፈቅዱ በኢሜይል ያሳውቃል» ስለሚል አገሩ ገጠር ነበርና ወደ ቤተሰቡ ወረደ። ፒዲኤፉ ሲለቀቅ ኔትወርክ ከሌለበት ነበር። ፈቃዱ የመጣለት ሰኞ ነው፤ ባለቤቱ ሥራ ሲገባ የተከማቸውን ጥያቄ አይቶ አንድ በአንድ ሲፈቅድ። ሲከፍተው ስሙ ዝርዝሩ ላይ አለ። ፈተናው ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል።

በዚያው ሰኞ የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤትም ኢሜይል ደረሰው። ለልጅቱ ደውሎ «ይኼ 247 ሰው የምን ዝርዝር ነው የተላከልኝ?» ብሎ ጠየቃት።

ይህ ሁሉ የሆነው በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ከመቋረጡ በፊት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው ጊዜ ደግሞ አንዱን ገጽ ለመክፈት ዋይፋይ ያለበትን ቤት ፈልጎ የሄደ ሰው፣ ደርሶ የሚያየው `You need access` ሲሆን ምን እንደሚሰማው መገመት ነው። ለእንደዚህ ያለ ሰው ሊንክና ፋይል አንድ አይደሉም። ፋይል አንዴ ከወረደ ወርዷል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ይከፈታል፣ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝም ይተላለፋል። ሊንክ ግን በተነካ ቁጥር ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ሲዘጋም ፈቃድ ይፈልጋል።

እንግዲህ ላኪ ለሆናችሁ። ሰነዱን ከፍታችሁ `Share` የሚለውን ስትጫኑ ከታች `General access` የሚል ክፍል አለ። እዚያ `Restricted` የሚለውን ወደ `Anyone with the link` ለውጡት። ያን ጊዜ ሊንኩ ያለው ሁሉ ያለ ፓስዎርድ ያየዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በቀኝ በኩል የምትመረጠው ቃል `Viewer` መሆን አለባት። `Editor` ብላችሁ በቻናል ከለቀቃችሁት ማንም ሰው ስም መሰረዝም መጨመርም ይችላል። ያለ አካውንት ስለሚገባም ማን እንደነካው በስም አይታወቅም፤ ጎግል ለእንደዚህ ዓይነቱ ስም የለሽ እንግዳ የእንስሳ ስም ነው የሚያወጣለት። ዝርዝራችሁን «ስም የለሽ ካፒባራ» ሲያርመው ታያላችሁ፤ ካፒባራ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ገጽ ትከፍታላችሁ።

መሥሪያ ቤታችሁ የራሱ ኢሜይል ካለው ሌላ ወጥመድ አለ። የ`General access` ምርጫ ውስጥ የመሥሪያ ቤታችሁ ስም ይመጣል። እሱን ከመረጣችሁ ለባልደረቦቻችሁ ሁሉ ይከፈታል፣ ከግቢ ውጭ ላለ ሰው ግን ይዘጋል። አለቃችሁም ይከፍተዋል፣ የሰው ኃይሉም ይከፍተዋል፣ ሁሉም «ይሠራል» ይላል። የሚዘጋው ማስታወቂያው ለተጻፈለት ሰው ብቻ ነው። ይህም የሚያዘው በዚያው በጥቁሩ መስኮት ነው።

ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚወጣውን ትንሽ ሳጥንም ተመልከቱ። የተከፈተ ሰነድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሰነዱ ርዕስ ይታያል። የተዘጋ ከሆነ ቴሌግራምም እንደ ሰው በር ላይ ስለሚቆም `Sign in` የሚል ነገር ይጽፋል። ሊንኩ ሳይነካ፣ ቻናሉ ላይ እያያችሁ የሚታወቅ ምልክት ነው።

ጠያቂ ለሆናችሁ ደግሞ፦ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት የማን ኢሜይል እንደተከፈተ አንብቡ። የሌላ ሰው ከሆነ ወደ ራሳችሁ ቀይሩት፤ ገጹ ላይ መቀየሪያው አለ። የመልእክት ሳጥኑን ባዶ አትተዉት፤ ባለቤቱ የሚደርሰው አንድ የማያውቀው ኢሜይል ስለሆነ ሙሉ ስማችሁን፣ ምን እንዳመለከታችሁና ስልካችሁን ጻፉበት። ጊዜ ያለው ጉዳይ ከሆነ ግን መልሱን ተቀምጦ መጠበቅ የለም፤ በስልክ ደውሎ «ፒዲኤፉን ልቀቁልን» ማለት ነው።

በሩን የሚዘጋ ሁሉ ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም። ያ የ247 ሰው ዝርዝር ከስሙ ጎን ስልክ ቁጥርና የትምህርት ውጤት ነበረበት። ባለቤቱ ለሥራው ያዘጋጀው ሰነድ ነው፣ ሕዝብ እንዲያየው አልነበረም። ትክክለኛው መንገድ ተራ ቁጥርና ስም ብቻ ያለበት ሌላ ሰነድ አውጥቶ እሱን መክፈት ነበር። ሐሙስ ማታ ላይ ግን የማየት ፈቃድ ብቻ ላላቸው ሠራተኛ አንድ ዓምድ መሰረዝ እንኳ አይፈቀድላቸውም፤ እንዳለ አውርደው እንዳለ ለቀቁት።

ሊንክ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ፈተናው ሲያልቅ ወደ `Restricted` መልሶ ለሁሉም ባንዴ ይዘጋው ነበር። ፒዲኤፍ አይመለስም። ባለፈው ሳምንት ያንን ቻናል ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ፋይሉ አሁንም አለ፤ ስድስቱም ገጽ፣ ከነስልክ ቁጥሩ።